ስሙን ያልሰማው ተማሪ፦ ከጎንደር የተነሳ የአንድ ክር ውይይት

ይህን የኢንተርኔት ውይይት ክር የከፈቱት ጎንደር ውስጥ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ጄኔራል ሳይኮሎጂ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። ስለ ትኩረት ሲያስተምሩ ሰው በጫጫታ መሐል ሆኖ አንድ ንግግር ብቻ መርጦ መከታተል እንደሚችል፣ ከማይከታተለው ወገን ግን ስሙ ከተጠራ ወዲያው እንደሚሰማ ነገሯቸው። ከዚያ በክፍል ውስጥ ሊያሳዩ ሞከሩ። ሁለት ተማሪዎች ግራና ቀኝ ቆመው ሁለት የተለያዩ ጽሑፎችን በአንድ ጊዜ አነበቡ። ክፍሉ የቀኙን ብቻ እንዲያዳምጥ ታዘዘ። የግራው አንባቢ ደግሞ በጽሑፉ መሐል የ14 ተማሪዎችን ስም ጣል ጣል አደረገ። ንባቡ ሲያበቃ ስሙን የሰማ እጁን ያውጣ ሲሉ እጅ ያወጡት 5 ብቻ ሆኑ። ይባስ ብሎ ካልሰሙት መሐል የክፍሉ ጎበዞች ነበሩበት። መምህሩ የጠየቁት የቱ ጋ እንደተሳሳቱና ጎበዞቹ ለምን እንዳልሰሙ ነው።

የመጀመሪያዋ መልስ ሰጪ ትምህርቱን ጠልቀው የሚያውቁ መምህርት ናቸው፤ አጻጻፋቸው ከጅምሩ እስከ መጨረሻው በአክብሮት ነው። ሙከራው አልከሸፈም፣ የተሳሳተው ቀድሞ ለተማሪዎቹ የተነገራቸው ነው ብለዋል። ኔቪል ሞሬ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1959 ሲሞክረው በማይከታተሉት ጆሮ የመጣውን የገዛ ስማቸውን የሰሙት ከሦስት ሰው አንድ ገደማ ነበሩ። በ1995 ዉድ እና ኮዋን የተባሉ ተመራማሪዎች በብዙ ተጨማሪ ሰው ላይ በጥንቃቄ ሲደግሙት ያገኙት 34.6 በመቶ ነው። ማለትም የሚበዛው ሰው ስሙን አይሰማም። ሁሉም ይሰማል የሚለው አባባል ሰው በሠርግ ቤት የሰማበትን ቀን ስለሚያስታውስ፣ ያልሰማበትን ግን ሊያስታውሰው ስለማይችል የጸና ነው። ወዲያውም አንድ ማስጠንቀቂያ ጨምረዋል፦ ከ14 አምስት ማለት ከሦስት አንድ ቢመስልም በዚህ መደሰት አይገባም። 14 ሰው ጥቂት ነው፤ በሚቀጥለው ክፍል ሁለት ወይም ስምንት ቢወጣ አያስገርምም።

ሁለተኛው መልስ ሰጪ ግማሹን ያውቃል። ጆሮ እንደ ወንፊት ነው፣ ያልተመረጠው ድምፅ ትርጉሙ ሳይታወቅ ከደጅ ይቀራል አለ። ለዚህም በ1958 ብሮድቤንት ያቀረበውን የማጣሪያ ሐሳብ ጠቀሰ። ብሮድቤንት ያለው በእርግጥም ይህንኑ ነው። ከዚያ ግን አምስቱ ተማሪዎች ስማቸውን ሰሙ ማለት ትእዛዙን ጥሰው የግራውን አዳምጠዋል ማለት ነው፣ ነጥብ ይቀነስባቸው ሲል ደመደመ።

ሦስተኛው መልስ ለዚህ የተሰጠ እርማት ነው፤ ረጋ ያለ ግን ጠንከር ያለ። ጸሐፊው ወንፊቱን ትተን ቧንቧ እናስብ አሉ። ቧንቧው ይጠባል እንጂ አይዘጋም። አን ትሬስማን በ1960ዎቹ ያቀረበችው ይህን ነው፦ ያልተመረጠው ድምፅ ይዳከማል፣ ነገር ግን እንደ ገዛ ስም ያለ በቀላሉ የሚቀሰቀስ ቃል ተዳክሞም ቢሆን ሊደርስ ይችላል። ማስረጃዋ ራሱ በክፍል ሊሠራ የሚችል ነው ብለው አብራሩት። በቀኝ ጆሮ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጀመራል፣ መሐል ላይ ወደ ግራው ይዘላል፣ በቀኝ ደግሞ ሌላ ነገር ይቀጥላል። ቀኙን ብቻ ድገም የተባለ ሰው አንዳንዴ አንድ ሁለት ቃል ትርጉሙን ተከትሎ ወደ ግራ ይሄድና ይመለሳል፤ መሄዱንም ላያውቅ ይችላል። ጸሐፊው በአማርኛ ሲሞከር መቁረጫው ከግሱ በፊት ይሁን ብለው መክረዋል። ገበሬው ማለዳ ተነስቶ በሬዎቹን ከተባለ በኋላ የአማርኛ ሰሚ ጠምዶ የሚለውን እየጠበቀ ነው፤ ያ ግስ በግራ በኩል ቢመጣ የሚስበው ኃይል ይበረታል የሚል ግምት አላቸው። ግምት መሆኑን አልደበቁም፤ የሞከረ ይንገረን ብለዋል። እስከ ክሩ መጨረሻ ሞክሬዋለሁ ያለ አልመጣም።

አራተኛው ላይ ጥያቄው ተሳተ። አንድ አባት የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ኳስ በቴሌቪዥን ሲያይ ሦስት ጊዜ ስሙ ተጠርቶ እንደማይሰማ ጽፈው፣ ይህ የጆሮ ሕመም ነው ወይስ ጥጋብ ብለው ጠየቁ። አምስተኛዋ መልስ ሰጪ ከርዕስ ወጡ ብላ አልገፋቻቸውም። ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ቤቱ ጸጥ ባለበት ከጀርባው ቆመው በዝግታ ይጥሩት፣ ያኔም ካልሰማ ወደ ጆሮ ሐኪም ይውሰዱት፤ ያኔ ከሰማ ግን የተያዘው ጆሮው ሳይሆን ትኩረቱ ሊሆን ይችላል አለቻቸው። በተያዘበት ጊዜ ከሩቅ ከመጮህ ይልቅ ቀርቦ ትከሻውን መንካት እንደሚሻልም ጨመረች። ክሩ ውስጥ በአንድ ጊዜ መፍትሔ ያገኘ ጥያቄ ይህ ብቻ ይመስለኛል።

ስድስተኛው መልስ ቃናውን ለወጠው። ጸሐፊው ላብራቶሪ የሠራ ሰው መሆኑ ያስታውቃል፣ ትዕግሥቱ ግን አጭር ነው። የመምህሩ ሙከራ ከነሥሩ ችግር አለበት ብሎ ጀመረ። ሁለቱ አንባቢዎች በአንድ ክፍል ስለቆሙ ሁለቱም ድምፆች በሁለቱም ጆሮ ይገባሉ። ተማሪው በእርግጥ ቀኙን ይከታተል እንደነበር ምንም ማረጋገጫ የለም። መልሱ በእጅ ማውጣት ስለተሰበሰበ አንዱ የሌላውን አይቶ ያወጣል፣ ወይም አፍሮ ይተዋል። ቃሉ ቢመርም ሦስቱም ነጥቦች ልክ ናቸው። ደግነቱ ወቅሶ ብቻ አልሄደም፤ እንዲህ ይሠራ ብሎ በዝርዝር ጻፈ።

መነሻው ኮሊን ቼሪ በ1953 ያሳተመው ዘዴ ነው፦ በጆሮ ማዳመጫ ለእያንዳንዱ ጆሮ የተለየ ንግግር ማሰማት፣ ሰሚውም የአንዱን ጆሮ እየተከተለ ጮክ ብሎ እንዲደግም ማድረግ። መድገሙ ለጌጥ አይደለም። ትኩረቱ የት እንደነበር የሚመሰክረው እሱ ነው። ጽሑፎቹ ሁለት ይሁኑ፣ እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ የሚወስድ። አንባቢው በደቂቃ ከ80 እስከ 100 ቃል ቢያነብ በቂ ፍጥነት ነው፤ ከዚያ ከዘገየ ሰሚው በቃላቱ መሐል ሌላውን ጆሮ የመጎብኘት ጊዜ ያገኛል። ሁለቱንም አንድ ሰው ያንብብ። አንዱ ወንድ አንዷ ሴት ከሆኑ መለየቱ እጅግ ይቀላል፤ ቼሪ ራሱ ያየው ሰሚዎች ከማይከታተሉት ጆሮ የድምፁን ከወንድ ወደ ሴት መለወጥ ያውቁ እንደነበር፣ የተባለውን ግን እንደማያውቁ ነው። ስሙ ከ1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ላይ ይግባ። ቀደም ብሎ ከገባ ሰሚው ገና መድገሙን አልተላመደም፤ መጨረሻ ላይ ከገባ ደግሞ ቅጂው ካለቀ በኋላ ጆሮው ላይ የቀረውን ሊያነሳ ይችላል።

ሁለቱን ቅጂዎች ለማጣመር በኮምፒውተር ላይ ይህን ትእዛዝ ሰጠ፤ ፊት የተጻፈው ፋይል ወደ ግራ ጆሮ ይሄዳል፦

```
ffmpeg -i gra.wav -i qegn.wav -filter_complex "[0:a]aformat=channel_layouts=mono[l];[1:a]aformat=channel_layouts=mono[r];[l][r]join=inputs=2:channel_layout=stereo[a]" -map "[a]" -b:a 192k test.mp3
```

ከዚያ ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ። አንዱ ሰምቶ ይደግማል፣ ሌላው የቀኙን ጽሑፍ በወረቀት ይዞ የተዘለለውን ወይም የተሳሳተውን ቃል ያሰምርበታል። ከአሥር ቃል ከአንድ በላይ የዘለለ ሰሚ ውጤቱ አይቆጠር። ስሙን ሰማሁ ካለ ደግሞ ወረቀቱን ስሙ በገባበት አካባቢ ማየት ያስፈልጋል። በ1995ቱ ጥናት ስማቸውን የሰሙት ሰዎች ከስሙ በኋላ ለትንሽ ጊዜ መድገማቸው ተደነቃቅፏል። እንዲህ ያለ መደናቀፍ ወረቀቱ ላይ ከታየ የሰማው ሰው ሰማሁ ማለቱን የሚደግፍ ምልክት ነው።

ሰባተኛዋ ይህን ወዳው፣ ነገር ግን ስልክ ላይ ምን እንደሚበላሽ የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚጽፈውን ጨመረች። ፋይሉ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ሆኖ እንደገና ተቀርጾ ከተላከ ሁለቱ ጆሮዎች አንድ ይሆናሉ፤ እንደ ፋይል ተያይዞ መላክ አለበት። አንዳንድ ስልክ ላይ ሁለቱን ጆሮ የሚያቀላቅል `Mono audio` የሚባል ማስተካከያ በርቶ ይገኛል። ከመንገድ ዳር የተገዛ ማዳመጫ አንዱ ጆሮው ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱም ላያውቅ ይችላል፣ ዘፈን በአንዱም ይሰማልና። መፍትሔዋ ቀላል ነው፦ ቅጂው ሲጀምር በግራ ብቻ ግራ የሚል ቃል፣ ከሁለት ሰከንድ በኋላ በቀኝ ብቻ ቀኝ የሚል ቃል ይግባ። ሰሚው በየትኛው ጆሮ እንደሰማ በእጁ ያሳይ። በሁለቱም ጆሮ ሰማሁ ያለ ድምፁ ተቀላቅሎበታል፤ አንዱን ቃል ጨርሶ ያልሰማ ማዳመጫው ሞቷል፤ ገልብጦ ያሳየ ማዳመጫውን ያገላብጥ። ለ60 ተማሪ 60 ደኅና ማዳመጫ አይገኝም፤ አሥር ካገኙ በአሥር ጥንድ እየከፈሉ በሦስት ዙር ክፍሉ ያልቃል ብላለች።

ስምንተኛው መልስ ለእኔ ከክሩ ሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጽሐፍ አይነግረንም። ጸሐፊው የአማርኛ መምህር ናቸው። የእኛ ስሞች አብዛኞቹ ተራ ቃላት ናቸው አሉ። ሰላም፣ ተስፋ፣ ብርሃን፣ አበበ፣ ደረጀ በጽሑፍ መሐል ሲገቡ ስም መሆናቸው ይቀራል። ፋብሪካው ደረጀ የሚል ዓረፍተ ነገር ውስጥ ደረጀ የተባለው ልጅ ስሙን አልሰማሁም ቢል ማን ይወቅሰዋል? በተቃራኒው ጽሑፉ ውስጥ ሰላም የሚለው ቃል በሌላ ስፍራ በተራ ትርጉሙ ከገባ፣ ሰላም የተባለችው ተማሪ የሰማችው የትኛውን እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ ስሙ ከዓረፍተ ነገሩ ሰዋስው ውጪ ለብቻው ይግባ፣ ልክ እንደ ጥሪ። ወይም ሌላ ትርጉም የሌለው ስም ያላቸው ተማሪዎች ይመረጡ። ሁለተኛው ነጥባቸው የትኛው ስም የሚለው ነው። ጎንደር ውስጥ አንድ ልጅ በመዝገብ አንድ፣ በክርስትና ሌላ፣ በቤት ደግሞ ሌላ ስም ሊኖረው ይችላል። ከተወለደ ጀምሮ ሲጠራበት የኖረው የቤት ስሙ ሆኖ ሳለ መምህሩ ከስም መጥሪያው ላይ የወሰዱት ስም ቢያልፈው አይገርምም። ከሙከራው ሁለት ሳምንት በፊት በሌላ ሰበብ ጓደኞችህ ምን ብለው ይጠሩሃል ብሎ በወረቀት መጠየቅ ይበቃል።

ስድስተኛው ጸሐፊ ተመልሶ መጣና ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገነ። አንድ ነገርም ከራሱ ጨመረ፦ አንባቢ ስም ሲደርስ ሳያስበው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ለዚህ ጽሑፉ ውስጥ አራት ስሞች በተለያየ ስፍራ ይግቡ፣ አንዱ የሰሚው፣ ሦስቱ የሌላ ክፍል ልጆች። አንባቢው የትኛው ተፈላጊ እንደሆነ አይነገረው። ሰሚው የራሱን ብቻ ሰምቶ ሌሎቹን ካልሰማ ነገሩ በድምፅ ከፍታ አለመምጣቱ ይታወቃል። ይህ ዘጠነኛው መልስ ሆነ።

አሥረኛዋ የተነሳችው ሁሉም በረሳው የመምህሩ ሁለተኛ ጥያቄ ላይ ነው፦ ጎበዞቹ ለምን አልሰሙም? ኮንዌይ፣ ኮዋን እና በንቲንግ በ2001 ይህንኑ ለይተው አይተዋል አለች። ነገርን ለጊዜው በአእምሮ ይዞ የመሥራት አቅማቸው ዝቅተኛ ከሆኑት 65 በመቶ ስማቸውን ሲሰሙ፣ አቅማቸው ከፍ ካሉት የሰሙት 20 በመቶ ብቻ ናቸው። የተባሉትን ጆሮ አጥብቆ መያዝ የሚችል ሰው ሌላው ይበልጥ ያመልጠዋል። ሌላው የሚሰማው ትኩረቱ እያመለጠ ወደዚያ ስለሚሻገር ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ክሩ ተካረረ። አሥራ አንደኛው ጸሐፊ ይህ በክፍል ከተነገረ ስማቸውን የሰሙት አምስት ልጆች ደካሞች ናችሁ ተብለው መሳቂያ ይሆናሉ፣ መምህር የሆነ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይጽፍም ሲል ቆጣ ብሎ ጻፈ። አሥረኛዋም አልለዘበችም፦ ቁጥሩን እኔ አልፈጠርኩትም፣ ቁጥሩ ስለ ቡድን እንጂ ስለ አንድ ልጅ አይናገርም፣ ከከፍተኞቹም ከአምስት አንዱ ሰምቷል አለች። የመጀመሪያዋ መምህርት መሐል ገብተው ሁለታችሁም ልክ ናችሁ በማለት አላድበሰበሱትም። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ነገር ግን የመምህሩ ክፍል ውስጥ ጎበዝ የተባለው በፈተና ውጤት እንጂ በዚያ መለኪያ ስላልሆነ አንዱን በሌላው መተርጎም አይቻልም። ውጤቱ ስም ሳይጻፍበት በወረቀት ይሰብሰብ፣ ያን ጊዜ መሳቂያ የሚሆን አይኖርም። አሥራ አንደኛው አልመለሰም። አመነ ለማለት አልደፍርም።

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ለጥቂት መልሶች ወደ ስያሜ ዞረ። በጫጫታ መሐል አንድ ንግግር መርጦ ለመከታተል የተሰጠውን የኮክቴል ግብዣ ክስተት የሚለውን አማርኛ ያልወደዱት ብዙ ነበሩ። አንዱ የሠርግ ቤት ጆሮ እንበለው አለ። ሌላዋ ሠርግ ቤት ሙዚቃው ሁሉን ስለሚያስተካክለው ንግግር አይለይበትም፣ ለዚህ የሚስማማው የለቅሶ ድንኳን ወይም የማኅበር ቤት ነው አለች። አንዱ ደግሞ የአዝማሪ ቤት ይሁን ብሎ በአራዳ የትኛው አዝማሪ ይበልጣል ወደሚል ክርክር ሊወስዳቸው ምንም አልቀረውም። ከዚህ ሁሉ የተረፈው አንድ ጥሩ ነገር የአማርኛ መምህሩ ያመጡት ነው። ዓይን እያየ አእምሮ ያላስተዋለውን ነገር አማርኛ ድሮውንም ልብ አለማለት ይለዋል፤ እንግሊዝኛው ለዚህ የሚጠቀምበት ዕውርነት የሚል ቃል ዓይንን ስለሚወቅስ ያሳስታል ብለዋል። ከዚያ በኋላ ክሩ ውስጥ ሁሉም ይህን ቃል ተጠቀመ።

አሥራ አምስተኛው መልስ በዚሁ ቃል ወደ ዓይን ተሻገረ። ሳይመንስ እና ቻብሪስ በ1999 ያሳዩትን፣ ተመልካች የኳስ ቅብብል ሲቆጥር የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው የሚያልፍበትን ቪዲዮ ሁሉም ያውቀዋል። ከ192 ተመልካቾች 46 በመቶው በተጫዋቾቹ መሐል ያለፈውን እንግዳ ነገር ልብ አላሉም። የጸሐፊዋ ጥያቄ ግን የተግባር ነበር፦ መብራት በሄደበት፣ ፕሮጀክተር በሌለበት፣ ተማሪው ደግሞ ቪዲዮውን በስልኩ አይቶ በጨረሰበት ክፍል ምን ይደረግ? ራሳቸው መለሱት። ከጎሪላው በፊት ኒሰር በ1970ዎቹ የተጠቀመው ጥላ ይዛ የምታልፍ ሴት ነበር፤ ያን ተማሪው አያውቀውም። ግቢ ውስጥ ስድስት ተጫዋቾች ይቁሙ፣ ሦስቱ ነጭ፣ ሦስቱ ጥቁር ልብስ የለበሱ፣ ለየቡድኑ አንድ ኳስ። ቅብብሉ 75 ሰከንድ ይቆይ። ከ45ኛው ሰከንድ ላይ ጥላ የያዘች ሴት በመሐላቸው በተራ እርምጃ አልፋ ትሂድ፤ ቪዲዮው ላይ ይህ 5 ሰከንድ ገደማ ይወስድ ነበር። ኳሱ በደረቅ ጠጠር ላይ እንዲነጥር አይደረግ፣ ወዳልተፈለገበት ይነጥርና ሁሉም ቀና ብሎ ያያል። በእጅ ለእጅ ይቀባበሉ።

አሥራ ስድስተኛው በደስታ ተነስቶ ለጎንደር የሚስማማው የጥምቀት ባለወርቅ ዘርፍ ጥላ ነው አለ። ይህን ተከትሎ የመጣው መልስ ክሩ ውስጥ በጣም ቁጡው ነው፦ የታቦት ጥላ የኳስ መጫወቻ አይደለም፣ ፋሲለደስ መዋኛ ላይ የምናከብረውን ነገር ለማታለያ አታውሉት። ሐሳቡን ያቀረበው ወዲያው ይቅርታ ጠይቆ ተራ የዝናብ ጥላ ብሏል።

ከዚያ ስድስተኛው ጸሐፊ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ያመጣው ነገር ሌላውን ሁሉ ዝም አሰኘ። የሴትየዋ ልብስ ቀለም ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። በ1999ኙ ሙከራ ነጮቹን የቆጠሩት ጥቁሩን ጎሪላ በብዛት ሳቱት፣ ጥቁሮቹን የቆጠሩት ግን በብዛት አዩት። ቆጣሪው ከማይፈልገው ወገን ጋር የሚመሳሰል ነገር አብሮ ይጣላል። ጎንደር ውስጥ ሴትየዋ ነጭ ነጠላ ለብሳ ብትመጣና ክፍሉ ነጭ ለባሾቹን ቢቆጥር ብዙው ያያታል፣ መምህሩም ሙከራው ውሸት ነው ብለው ይደመድማሉ። ጥቁሮቹን ቢቆጥሩ ግን ብዙው ይስታታል። እንዲያውም ክፍሉን ለሁለት ይክፈሉት አለ፦ 30ው ነጩን፣ 30ው ጥቁሩን ይቁጠር። ያኔ ያለፈችው ያቺው ሴት፣ የቆሙበትም ያው ግቢ ሆኖ ሁለቱ ወገኖች የሚመልሱት ይለያያል። ለተማሪ ከዚህ የበለጠ የሚያሳምን ነገር የለም፤ ልዩነቱ ከዓይን እንዳልመጣ በገዛ ወረቀታቸው ያዩታልና። አንድ ብቻ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ሁለቱ ወገኖች ተለይተው ሳይሆን ተደባልቀው ይቁሙ፣ ትእዛዙም በታጠፈ ወረቀት ይሰጥ፤ አለዚያ አንዱ ወገን ጸሐይ ፊቱን መትታው ነው ያላያት ይባላል።

የአጠያየቁን ሥርዓት አሥረኛዋ ጻፈችው። በግቢ ሲሠራ ትልቁ ጠንቅ ሳቅ ነው፤ ያያት ሰው ከሳቀ ሙከራው በዚያው አለቀ። ስለዚህ ቆጠራው በልብ እንዲሆን፣ ድምፅ ያሰማ እንዲወጣ አስቀድሞ ይነገር። እንዳበቃ ማንም ሳይነጋገር በወረቀት፦ መጀመሪያ ስንት ቅብብል ቆጠርህ፤ ቀጥሎ ያልጠበቅኸው ነገር አየህ ወይ፤ ቀጥሎ ከተጫዋቾቹ ሌላ ሰው አየህ ወይ፤ መጨረሻ ላይ ጥላ የያዘች ሴት አየህ ወይ። አየሁ ያለ ምን እንደለበሰች ይጻፍ። ከሁሉም በኋላ እንዲህ ያለ ሙከራ ከዚህ በፊት ሰምተሃል ወይ ተብሎ ይጠየቅና ሰምቻለሁ ያለ ከቆጠራው ይወጣል። የመጨረሻውን ጥያቄ ፊት ማምጣት ሁሉንም ያበላሻል።

ሃያኛው ላይ አንድ የሕክምና ተማሪ ይህ ላልሠለጠነ ሰው ነው፣ የሠለጠነ ዓይን አይስትም አለ። የመጀመሪያዋ መምህርት በአጭሩ መለሱለት። በ2013 በታተመ ጥናት 24 የራዲዮሎጂ ባለሙያዎች የሳንባ ሲቲ ምስል ላይ እጢ እንዲፈልጉ ተደርጎ ምስሉ ላይ ጎሪላ ተለጠፈ፤ ጎሪላው ከተራው እጢ 48 እጥፍ ይበልጥ ነበር፣ 20ዎቹ ግን ልብ አላሉትም። ሥልጠናው የሚረዳው የሚፈለገውን ለማግኘት ነው ብለዋል። ልጁ ከሳቱት መሐል ብዙዎቹ ዓይናቸው ጎሪላው ያለበት ላይ አርፎ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ፤ አዎን፣ የዓይን እንቅስቃሴያቸው ተለክቶ ብዙዎቹ ላይ እንደዚያ ነበር ተባለ።

ከዚህ የተነሳው ጥያቄ እስካሁን አልተዘጋም። ዓይኑ ካረፈበት ታዲያ ሰውየው አላየም ነው የሚባለው ወይስ አይቶ ወዲያው ረሳ? የአማርኛ መምህሩ ልብ አለማለት የሚለው ቃል ሁለቱንም ይይዛል ብለው ቢሞክሩም፣ ስድስተኛው ጸሐፊ ቃሉ ስለሚይዘው ጥያቄው አልተፈታም ብሎ መለሰ። ከሙከራው በኋላ በመጠየቅ ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ የሚጠየቀው ሁልጊዜ ትውስታ ነውና። የመጀመሪያዋ መምህርት ሰውየው መሐል ላይ ቢቋረጥና ወዲያው ቢጠየቅስ የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ አሥረኛዋ ግን ያም ቢሆን አንድ ሰከንድ መርሻ በቂ ነው አለች።

መጨረሻ ላይ ክሩን የከፈቱት መምህር ተመለሱ። በሚቀጥለው ሳምንት በአሥር ማዳመጫ ስሙን፣ ከዚያ በግቢው ጥላዋን እንደሚሞክሩ፣ ስሞቹንም በቤት ስም ከተማሪዎቹ እየሰበሰቡ መሆኑን ጽፈዋል። የቀራቸው አንድ ችግር ነበር፦ የተማሪዎቹ የስፖርት ማሊያ ሰማያዊና አረንጓዴ ብቻ ነው፣ ሴትየዋ ምን ትልበስ? ስድስተኛው በአንድ መስመር መለሰላቸው፦ ሰማያዊ ትልበስ፣ ግማሹ ክፍል አረንጓዴውን ይቁጠር፣ ግማሹ ሰማያዊውን።